የዋጋ ገጻችሁን እንደገና ጻፉልን፦ ለሱቅ ሒሳብ ሶፍትዌር አቅራቢ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድርጅቱ ኃላፊዎችና ለገበያ ክፍሉ ባልደረቦች፣

በዚህ ደብዳቤ ስማችሁን አልጠቅስም። የምወቅሰው ነገር በሌሎች ሦስትና አራት አቅራቢዎች ገጽ ላይም በተመሳሳይ ቃል ስለሚነበብ፣ የእናንተን ብቻ ነጥዬ ብጽፍ ሌሎቹ «እኛን አይመለከትም» ብለው ያልፉታል። ራሳችሁን ግን ከጥቅሎቻችሁ ስምና ከዋጋዎቹ ታውቁታላችሁ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአነስተኛና የመካከለኛ ነጋዴዎችን የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ። የሽያጭና የዕቃ ክምችት ሶፍትዌር ሊገዛ ያሰበ ደንበኛ ሁሉ ገጻችሁን በስልኩ ከፍቶ «የትኛውን ልውሰድ?» ይለኛል። ሶፍትዌራችሁ ጥሩ ነው፤ ክምችት ሲያንስ ማስጠንቀቁን፣ የዱቤ ሽያጭን ለብቻ መያዙን ወድጄለታለሁ። የማዝነው በዋጋ ገጻችሁ ነው።

ገጹ ላይ ሦስት ሣጥኖች አሉ። «ጀማሪ» በወር ከ790 ብር ጀምሮ፣ «ዕድገት» በወር ከ1,490 ብር ጀምሮ፣ «ሙሉ» በወር ከ2,900 ብር ጀምሮ ይላሉ። ቁጥሮቹ ግዙፍ ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ጎን ትንሽ ኮከብ ምልክት ተቀምጣለች። የኮከቧን ፍቺ የፈለገ ሰው የደንበኞችን ምስጋና፣ የሠራተኞቻችሁን ፎቶግራፍና የማኅበራዊ ገጾቻችሁን ምልክቶች አልፎ እስከ ገጹ እግር መውረድ አለበት። እዚያም በነጭ መደብ ላይ በፈዛዛ ግራጫ ቀለም፣ ክፍያው የዓመቱ በቅድሚያ እንደሚፈጸም፣ ዋጋው ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ እንደሆነና ተጨማሪ እሴት ታክስን እንደማይጨምር ተጽፏል። የቀረው ሁኔታ በአገልግሎት ውሉ ውስጥ ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያስከትል በአንድ ደንበኛዬ ላሳይ። የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለት ሱቅ አላቸው። ሶፍትዌሩን የሚጠቀሙት አራት ሰዎች ናቸው፦ እሳቸው፣ በየሱቁ አንድ ገንዘብ ተቀባይና እኔ። ገጹን አይተው «ዕድገት»ን መረጡ። «ሙሉ» እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ለሁለት ሱቅ እጥፍ ምን ያስከፍለኛል አሉ። ገጹን ላነበበ ሰው ትክክለኛ ድምዳሜ ነበር። ፕሮፎርማ ስናስመጣ ግን ሌላ ሒሳብ ወጣ።

የ«ዕድገት» የአሥራ ሁለት ወር ክፍያ 17,880 ብር ነው። ጥቅሉ ሦስት ተጠቃሚ ብቻ ስለሚይዝ ለአራተኛው በወር 250፣ በዓመት 3,000 ብር ተጨመረ። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ስለሚይዝም ለሁለተኛው ሱቅ በወር 600፣ በዓመት 7,200 ብር ተጨመረ። ከዚያ በገጹ ላይ በየትኛውም ቦታ ያልተጠቀሰ 6,000 ብር የማስጀመሪያ ክፍያ መጣ። ድምሩ 34,080 ብር ሆነ፤ 15 በመቶ ታክስ ሲታከልበት 39,192 ብር። «ሙሉ» ደግሞ እስከ ሦስት ቅርንጫፍ ይይዛል፣ ተጠቃሚ አይቆጥርም፣ የማስጀመሪያ ክፍያም የለውም። የአሥራ ሁለት ወሩ 34,800 ብር ከታክስ ጋር 40,020 ብር ይሆናል። በገጹ ላይ እጥፍ ሊሆን የተቃረበው ልዩነት በፕሮፎርማው ላይ 828 ብር ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ለዓመት።

ሴትዮዋ ወዲያው ሐሳባቸውን ወደ «ሙሉ» አዞሩ። እኔም የአገልግሎት ውሉን እስከ መጨረሻው ባላነብ ኖሮ እስማማ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ ሲያበቃ «ዕድገት» በወር 1,890፣ «ሙሉ» 3,600 ብር ይሆናል። የማስጀመሪያው ክፍያ ስለማይደገም በሁለተኛው ዓመት «ዕድገት» ከነተጨማሪዎቹና ከነታክሱ 37,812 ብር፣ «ሙሉ» 49,680 ብር ነው። ልዩነቱ ከ828 ብር ወደ 11,868 ብር ዘለለ። የአንድ ሰው ውሳኔ ሁለት ጊዜ የተገላበጠው በሱቆቹ ላይ አንዳች ነገር ተለውጦ አይደለም። ከመጀመሪያው በአንድ ቦታ መጻፍ የነበረበት መረጃ በሦስት ቦታ ተበትኖ ነው።

ስለዚህ ከትልቁ ቁጥር እንጀምር። ትልቁ ቁጥር ከደንበኛው የባንክ ሒሳብ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ መሆን አለበት። እናንተ በየወሩ አትቀበሉም፤ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ትጠይቃላችሁ። በወር የሚከፈል ነገር ሳይኖር ዋጋውን «በወር» ብሎ በትልቁ መጻፍ፣ ነጋዴው ለመስከረም ወር የመደበውን 1,490 ብር ይዞ ሲመጣ 39,192 ብር እንዲጠየቅ ማድረግ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሱቅ ይህ ገንዘብ የአንድ ጊዜ የቀለም ግዢ ሊሆን ይችላል። የወሩን ስሌት ማሳየት አይከለከልም፤ ከዓመቱ ክፍያ ቀጥሎ በአነስተኛ ፊደል ይቀመጥ። «ከ… ጀምሮ» የሚለውን ደግሞ ከነጭራሹ አውጡት፤ ወይም ዋጋው የሚጀምረው ለምን ያህል ተጠቃሚና ለስንት ሱቅ እንደሆነ በዚያው መስመር ጻፉ።

የታክሱ ጉዳይ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የሽያጭ ባልደረባችሁም የመለሰልኝ በዚሁ ነበር። «ደንበኞቻችን ነጋዴዎች ስለሆኑ የከፈሉትን ታክስ ተቀናሽ ያደርጉታል፤ ዋጋውን ያለ ታክስ ማሳየት የተለመደ ነው» አለኝ። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ለተመዘገበ ነጋዴ እውነት ነው። ያልተመዘገበው ግን የሚቀንሰው ነገር የለውም፤ 15 በመቶው ለእሱ ሙሉ ወጪ ነው። «ጀማሪ» ጥቅላችሁ የተዘጋጀው በአብዛኛው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ይመስለኛል። ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን ጻፉ፤ የተመዘገበው አንዱን፣ ያልተመዘገበው ሌላውን ያነባል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው።

ቀጥሎ ያለው የንጽጽር ሠንጠረዥ ነው። እውነቱን ለመናገር ከኮከቧ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሠንጠረዥ ሲባል ሰው ለማወዳደር ይቀመጣል። በእናንተ ሠንጠረዥ ስለ ተጠቃሚ ብዛት በ«ጀማሪ» ሥር «ለእርስዎ»፣ በ«ዕድገት» ሥር «ለቡድንዎ»፣ በ«ሙሉ» ሥር «ለመላው ድርጅትዎ» ይላል። ሦስቱም ደስ ይላሉ፤ ሦስቱም ግን ሊወዳደሩ አይችሉም። በውሉ ውስጥ 1፣ 3 እና ያልተገደበ የሚሉ ቁጥሮች አሉ፤ ወደ ሠንጠረዡ መምጣት ያለባቸው እነሱ ናቸው። «በጀማሪ ያለው ሁሉ፣ በተጨማሪም» የሚለው አጻጻፍም አንባቢውን ከሣጥን ወደ ሣጥን ያመላልሰዋል። በስልክ ላይ ሣጥኖቹ አንዱ ከሌላው በታች ስለሚደረደሩ፣ ሦስተኛውን ሲያነብ የመጀመሪያው ከዐይኑ ጠፍቷል። እያንዳንዱ ረድፍ ለሦስቱም ጥቅሎች ሙሉ መልስ ይያዝ፤ በስልክ ሲታይም የረድፉ ስም ከላይ፣ ሦስቱ መልሶች ከሥሩ ይቀመጡ።

የራይት ምልክቶቻችሁ ደግሞ የራሳቸው ጉድ አላቸው። «ሪፖርት» በሚለው ረድፍ ሦስቱም ጥቅሎች ራይት ተደርጎላቸዋል። ስለዚህ በሪፖርት ረገድ ልዩነት የለም ማለት ነው? አለ። «ጀማሪ» ወደ ኋላ የሦስት ወር ሪፖርት ብቻ ያወጣል፤ ይህን ያወቅሁት ከሌላ ደንበኛዬ ጋር በሐምሌ ወር የበጀት ዓመቱን ሽያጭ ልናወጣ ስንቀመጥ ስክሪኑ ከሚያዝያ በፊት ያለውን አላሳይም ሲለን ነው። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሦስት ወር ብቻ የሚያሳይ ሪፖርት ለዕለት ቁጥጥር ይጠቅም ይሆናል፤ ለዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ ግን አይሆንም። ምልክቱን አንሥታችሁ «ያለፉት 3 ወራት»፣ «ያለፉት 2 ዓመታት»፣ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» ብትሉ ያ ሰው ቀድሞውኑ «ዕድገት»ን ይገዛ ነበር። እናንተም አትከስሩበትም ነበር።

ገደብ በጻፋችሁበት ቦታ ሁሉ ገደቡ ሲሞላ የሚሆነውን አብራችሁ ጻፉ። «በወር 500 የሽያጭ ምዝገባ» ማለት 501ኛው ሲመጣ ሥርዓቱ ይቆማል ማለት ነው፣ ወይስ ያስከፍላል? ለገና ዋዜማ ሱቁ ሰው ሞልቶበት ላለ ነጋዴ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ውሉ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ምዝገባ 2 ብር እንደምታስከፍሉ ይናገራል። መጥፎ ዋጋ አይደለም፤ ይነገር። በወር 800 ሽያጭ የሚመዘግብ ሰው 600 ብር ተጨማሪ እንደሚከፍል ካወቀ፣ «ጀማሪ» ታክሱን ሳይጨምር 1,390 ብር እንደሚሆንበትና ከ«ዕድገት» በ100 ብር ብቻ እንደሚያንስ ራሱ ያሰላል።

ሁኔታ ሁሉ ከዋጋው ጎን ይለጠፍ እያልሁ አይደለም። ሃያ መስመር ግራጫ ጽሑፍ ወደ ላይ ቢወጣ ሌላ ዓይነት መደበቂያ ይሆናል። እኔ የምለይበት መንገድ ይህ ነው፦ የሚከፈለውን መጠን የሚለውጥ፣ የሚከፈልበትን ጊዜ የሚለውጥ ወይም ደንበኛው ልውጣ ሲል የሚይዘው ሁኔታ ከዋጋው ጋር ይቀመጥ። የመረጃ ማዕከላችሁ የት እንደሆነ፣ የጥገና ሰዓት መቼ እንደሆነ፣ ክርክር በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚታይ በውሉ ውስጥ ቢቆይ የሚጎዳ የለም።

ከእነዚህ ሁሉ በጣም የሚያሠጋኝ ስለ መውጣት የተጻፈው ነው። ውሉ እንደሚለው ደንበኛው ዓመቱ ከማለቁ 30 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቀ ደንበኝነቱ በራሱ ይታደሳል፣ የዕድሳት ሒሳብም ይጠየቅበታል። ከተቋረጠ ደግሞ መረጃው በ30 ቀን ውስጥ ይሰረዛል። በ«ዕድገት»ና በ«ሙሉ» መረጃውን ወደ ኤክሴል ማውረድ ሲቻል፣ በ«ጀማሪ» አይቻልም። የሒሳብ መዝገብ ነጋዴው በሕግ ለዓመታት ማቆየት ያለበት ነገር ነው፤ ኦዲተር ሲመጣ «ሶፍትዌሩን ትቼዋለሁ» ብሎ መልስ የለም። እንግዲህ በጣም ርካሹን ጥቅል የገዛው ሰው መውጣት የሚከብደው ሰው ሆነ ማለት ነው። ማውረድን ለ«ጀማሪ»ም ብትፈቅዱ ደስ ይለኛል፤ ካልፈቀዳችሁ ግን «መረጃን ማውረድ፦ አይቻልም» የሚለው ከ790 ብሩ በታች በዐይን በሚታይ ፊደል ይጻፍ።

ሌላም አለ። የዋጋ ገጹ በአማርኛ ነው፤ የአገልግሎት ውሉ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ። ማስታወቂያውን በሚያነብበት ቋንቋ የሚሸጥለት ሰው ግዴታውንም በዚያው ቋንቋ ማንበብ ይገባዋል። አሥራ አራቱንም ገጽ ዛሬ አስተርጉሙ አልልም። ክፍያን፣ ዕድሳትን፣ ማቋረጥንና መረጃን የሚመለከቱት አንቀጾች ሁለት ገጽ አይሞሉም፤ ከእነሱ ጀምሩ።

የገበያ ክፍላችሁ የዋጋውን ሣጥኖች በምስል አድርጎ በቴሌግራም ይለቃል። ምስሉ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የገጹ እግር አብሮት አይሄድም፤ ኮከቧ አለች፣ ፍቺዋ የለም። ያለፈው ዓመት ዋጋም እስካሁን ይዞራል። ዋጋው የጸናበትን ቀንና የክፍያውን ሁኔታ በምስሉ ላይ ጻፉ፤ ቦታ ካልበቃ የሚቀነሰው የምታሳዩት ፈገግተኛ ወጣት ፎቶግራፍ ይሁን።

የሕግ አማካሪያችሁ የሚለውን እገምታለሁ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ «ሸማች» የሚለው ግን ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ስለዚህ ለሱቁ ሶፍትዌር የሚገዛ ነጋዴ በሸማችነት ሊከሳችሁ መቻሉ ያከራክራል። እኔም ለክስ አልጻፍሁም። ሌላ ቦታ ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት ግን ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት አቅራቢዎች ሁሉ ወርኃዊ ዋጋን፣ ዋጋው ጊዜያዊ ቅናሽ መሆን አለመሆኑን፣ የአንድ ጊዜ ክፍያዎችን፣ ከጊዜ በፊት የማቋረጥ ቅጣትን፣ ፍጥነትንና የዳታ ገደብን በአንድ ወጥ ሠንጠረዥ እንዲያሳዩ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዝዟል፤ ቅርጹም በምግብ ማሸጊያ ላይ ካለው የይዘት ሠንጠረዥ የተወሰደ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የቴሌኮም ደንበኛ ከመፈረሙ በፊት የውሉ ማጠቃለያ ይሰጠዋል፤ ለአንድ አገልግሎት ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኗል። ሁለቱም የሚጠይቁት ጥራዝ ሙሉ ውል ሳይሆን ለውሳኔ የሚያስፈልጉትን ጥቂት መስመሮች፣ በየአቅራቢው በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነው።

ለናሙና የ«ዕድገት»ን ሣጥን በራሳችሁ ዋጋ እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ታክስን ያካተቱ ናቸው፦

«ዕድገት። የመጀመሪያው ዓመት 20,562 ብር፤ በቅድሚያ በአንድ ጊዜ ይከፈላል። (ያለ ታክስ 17,880 ብር፤ በወር ሲሰላ 1,490 ብር።) ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በዓመት 26,082 ብር። 3 ተጠቃሚና 1 ቅርንጫፍ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ተጠቃሚ በዓመት 3,450 ብር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቅርንጫፍ 8,280 ብር። የማስጀመሪያ ክፍያ 6,900 ብር፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሪፖርት እስከ 2 ዓመት ወደ ኋላ። መረጃዎን በማንኛውም ጊዜ ወደ ኤክሴል ማውረድ ይችላሉ። ዓመቱ ከማለቁ 30 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላቋረጡ ይታደሳል፤ ካቋረጡ መረጃው በ30 ቀን ውስጥ ይሰረዛል።»

ከአሁኑ ሣጥናችሁ ይረዝማል፤ አልክድም። ነገር ግን ሁለት ሱቅና አራት ሰው ያለው ነጋዴ 20,562፣ 3,450፣ 8,280 እና 6,900 ብርን ደምሮ 39,192 ብር ያገኛል፤ ይህም ፕሮፎርማችሁ ላይ የወጣው ቁጥር ነው። የሽያጭ ባልደረባችሁ ስልክ ላይ «ይህ ሁሉ ከተጻፈ ሰው ይሸሻል» ብሎኝ ነበር። ሊሸሽ የሚችለው ደንበኛ አሁንም ይሸሻል፤ የሚሸሸው ፕሮፎርማውን ሲያይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን የእናንተን የሁለት ቀን ስልክና የቢሮ ጉብኝት በልቷል።

አዲሱ ጽሑፍ መሥራቱን ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ሶፍትዌራችሁን የማያውቁ አምስት ነጋዴዎችን ፈልጉ። ገጹን በራሳቸው ስልክ ላይ ክፈቱላቸውና «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው አክባሪ ስለሆነ ወደድሁት ይላችኋል። ይልቅ «ሁለት ሱቅና አራት ሠራተኛ ቢኖርዎት በመጀመሪያው ዓመት ስንት ይከፍላሉ? በሁለተኛውስ? ቢያቋርጡ መዝገብዎ ምን ይሆናል?» በሏቸው፤ የሚሰጡትን መልስ ከፕሮፎርማችሁና ከውላችሁ ጋር አስተያዩ። መልሱ የተለየበት መስመር እንደገና ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስልክ የሚያነሡት ባልደረቦቻችሁ ከመግዛት በፊት የሚጠየቁትን የዋጋ ጥያቄ ለአንድ ወር ይመዝግቡ፤ ተደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ገጹ ላይ የጎደለው መስመር ነው።

ከእነዚያ ጥያቄዎች አንዱን እኔው ላቅርብ፤ ለሁለት ባልደረቦቻችሁ ደውዬ ሁለት የተለያየ መልስ አግኝቼበታለሁ። በአንደኛው ሱቅ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እየተፈራረቁ በአንድ ኮምፒውተር የሚሠሩ ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች ቢኖሩ፣ እንደ አንድ ተጠቃሚ ይቆጠራሉ ወይስ እንደ ሁለት? አንዱ ባልደረባችሁ በኮምፒውተሩ እንደሚቆጠር፣ ሌላዋ በሰው እንደሚቆጠር ነገሩኝ። ልዩነቱ በዓመት 3,450 ብር ነው። የቀለም ነጋዴዋ ከመጪው ወር ጀምሮ ሁለተኛ ፈረቃ ሊከፍቱ ስለሆነ መልሱን በጽሑፍ፣ ቢቻል በገጻችሁ ላይ እንጠብቃለን። በስሌቴ ውስጥ ከዋጋችሁ ጋር የማይገጥም ቁጥር ካገኛችሁም እርማቱን እዚያው አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የነጋዴዎች ሒሳብ ያዥ፣ አዲስ አበባ